ሽማግሌ ከመላኩ በፊት

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆኖናል፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ጠባዬን አብጠርጥረሽ ስለምታውቂ በአንድ ትልቅ ጉዳይ ላማክርሽ ፈልጌ ነው። አክስቴ በባለቤታቸው ወገን የሚያውቁትን ሰው አስተዋውቀውኛል፤ ቤተሰቤም ወዶታል፤ ጥር ሳያልፍ ሽማግሌ ይላክ እየተባለ ነው።

የቤተሰቤን ማጣራት አልንቀውም። ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለን አረጋግጠዋል፤ አጎቴም የሥራ ባልደረቦቹንና የቀድሞ አከራዮቹን ጠይቀው ከዚህ በፊት ትዳር እንዳልነበረው፣ የመጠጥም ሆነ የጠብ አመል እንደሌለበት ሰምተዋል። ይህን ሁሉ ብቻዬን ላገኘው አልችልም ነበር። ነገር ግን ባልደረባና ጎረቤት የሚመሰክሩት በአደባባይ ያዩትን ነው፤ ማታ በር ከተዘጋ በኋላ ስለ ገንዘብና ስለ ዘመድ አለመስማማት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ማናቸውም አያውቁም። እኔን የሚያኖረኝ ደግሞ ይኸው ነው።

በአክስቴ ቤት በተገናኘን ጊዜ እርሱም እኔም ለሽማግሎች ጆሮ የሚስማማውን ብቻ ስንናገር ዋልን። ስለዚህ ውጭ እንድንገናኝ ጠየቅሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ባለ ካፌ እንቀመጣለን። «ስለ ልጅ ምን ታስባለህ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ እንደማይጠቅም ቶሎ ገባኝ፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉም ሰው መልካም መልስ አለው። ቁርጥ ያለ ነገር ስጠይቀው ግን ሐሳቡ ይገለጣል። «ከሠርጉ በኋላ በቤቱ ውስጥ ማን ማን ይኖራል?» ብዬ ብጠይቀው፣ ታናሽ ወንድሙ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ ከእርሱ ጋር እንዲኖር ለእናቱ ቃል መግባቱን ነገረኝ። ይህን ከአማላጆቹ አንዳቸውም አላነሡትም፤ ክፉ ነገር ሆኖ ሳይሆን ለእነርሱ የሚነገር ነገር ስላልመሰላቸው ይመስለኛል። እኔ ወንድሙን ማስተናገድ አይከብደኝም፤ ከሠርግ በኋላ ብሰማው ግን እጅግ አዝን ነበር።

ከሁሉ የከበደው የቤቱ ነገር ነው። በ20/80 መርሐ ግብር የደረሰው ኮንዶሚኒየም አለው፤ የባንክ ዕዳውን ከደመወዙ በየወሩ ይከፍላል። በቤተሰብ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንደኛው ወገን ከጋብቻ በፊት የነበረው ንብረት የግሉ ሆኖ ይቆያል፤ ከጋብቻ በኋላ የሁለቱም ደመወዝ ግን የጋራ ነው። እንግዲህ የእርሱን የግል ቤት ዕዳ ከጋራ ገቢያችን ለዓመታት ልንከፍል ነው። «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብዬ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ፤ ቡናውን ሳይጨርስ ሌላ ወሬ ጀመረ፤ ሳምንቱንም እምብዛም አልደወለም። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የባንኩን የክፍያ ወረቀት ይዞ መጣና የተከፈለውንና የቀረውን በጣቱ እያሳየ፣ መጀመሪያ ያላመንሁት መስሎት እንደከፋው፣ ኋላ ሲያስበው ግን ጥያቄው ተገቢ እንደሆነ ነገረኝ። በጋብቻ ውል እንድናሰፍረውም ራሱ አነሣ። ውሉ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ ሆኖ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር እንደሚፈርምበትም ጠይቆ መጥቷል። ምስጉን ነው ብለው አጎቴ ከነገሩኝ ሁሉ ይልቅ ይህ ልቤን አሳረፈው፤ መከፋቱን ሳይደብቅ፣ ሳይቆጣም፣ ወደ ነገሩ ተመልሶ መጥቷልና።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ከወለድሁ በኋላ ሥራዬን ስለ መቀጠሌ ሳነሣ «እንዳሻሽ» ይለኛል፤ መልሱ ስለቀለለኝ ዞር አድርጌ «ሕፃኑ ሲታመም ከሥራ የሚቀረው ማን ነው?» አልሁት። «እናቴ ይመጣሉ» አለኝ። እናቱን ግን አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸው ደግሞ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፤ በራሳቸውም ቤት ሥራ አለባቸው። «እንዳሻሽ» ማለቱ ሸክሙ ያንቺ ነው ማለቱ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለዚህ ለአክስቴ ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ነግሬያቸዋለሁ፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ የለምና መዘግየቱ ማንንም አያሳፍርም። እርሳቸው ግን «ሰው ያባርራል እንዲህ ያለ ጥያቄ» ብለው ቅር ተሰኝተዋል።

እስከዚያ ደብረ ብርሃን ሄጄ እናቱን ላያቸው አስቤያለሁ፤ በእርሳቸው ፊት እንዴት እንደሚያናግረኝም ማየት እፈልጋለሁ። አንቺ ከባለቤትሽ ጋር ስትተጫጩ ይህን የልጅና የሥራ ነገር አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁበት ነበር ወይ? ሳትጠይቂው ቀርተሽ ኋላ የከበደሽ ነገር ካለ ሳትሸሽጊ ጻፊልኝ።

ናፋቂ ጓደኛሽ