ኔትወርክ ቢጠፋም ዱቤው ይመዘገባል

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የዱቤ መዝገብ መተግበሪያችን አዲስ እትም ከዛሬ ጀምሮ በፕሌይ ስቶር ይገኛል። ከውስጥ ብዙ ነገር ነካክተናል፤ የምንጽፍላችሁ ግን ሱቃችሁ ውስጥ ስለምታዩት ሁለት ለውጥ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ብዙዎቻችሁን ሲያናድድ የኖረውን ይመለከታል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናላችሁ፤ ክቧ ትሽከረከራለች፣ መልስ የለም። ገዢው ዕቃውን ይዞ ቆሟል፣ ከኋላው ሌላ ሰው ይጠብቃል፤ ስለዚህ ደግማችሁ ትጫናላችሁ። ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለቱም ይገቡና ስኳርና ዘይት በ480 ብር የወሰዱት እናት የ960 ብር ባለዕዳ ሆነው ያድራሉ። አንዲት ባለሱቅ በዚህ ሰበብ ከጎረቤቷ ጋር ተኳርፋ መሰንበቷን ስትነግረን አፍረናል። ጥፋቱን በኔትወርክ ማሳበብ አንችልም፤ የእኛ ነበር።

አሁን ዱቤው በቅድሚያ እዚያው ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል። «መዝግብ» ስትሉ ገጹ ወዲያው ባዶ ይሆናል፤ ሁለተኛ የሚያስጫን ነገር የለም። በስሙ አጠገብ ትንሽ የሰዓት ምልክት ታያላችሁ፤ ኔትወርክ ተገኝቶ ወደ ዋናው መዝገብ ሲደርስ በአረንጓዴ ራይት ይተካል። እያንዳንዱ ምዝገባ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ መስመሩ መሃል ላይ ተቋርጦ ሁለቴ ቢላክ እንኳ የሚቆጠረው አንዴ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሰዓት ምልክቱ እስካለ ድረስ ዱቤው ያለው በዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ ከጠፋ ወይም መተግበሪያው ከተሰረዘ አብሮ ይጠፋል። ባልና ሚስት በሁለት ስልክ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ አንዳችሁ የተቀበላችሁትን ክፍያ ሌላኛው የሚያየው ራይቱ ከመጣ በኋላ ነው። ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ዕዳ ከመጠየቃችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሁለተኛው ለውጥ የቀን አቆጣጠር ነው። «የወር ዱቤ» ስትሉ መተግበሪያው 30 ቀን ይቆጥር ነበር፤ ጳጉሜን ግን ረስቷታል። ነሐሴ 25 ደመወዝ ተቀብሎ ዱቤ የወሰደ ሰው ማስታወሻው የሚደርሰው መስከረም 20 ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 19። ጳጉሜ ደመወዝ የሌላት ወር መሆኗን እኛም ደመወዝተኞች ሆነን ሳለ መዘንጋታችን ይገርማል። ከእንግዲህ የነሐሴ 25 ዱቤ የሚጠየቀው መስከረም 25 ነው። ከዚህ በፊት የመዘገባችሁት የመክፈያ ቀን ግን በራሱ አይስተካከልም፤ ስሙን ነክታችሁ ቀኑን ራሳችሁ ቀይሩት።

አዲሱን እትም ለማግኘት ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ «አዘምን» የሚለውን ተጫኑ። የድሮውን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጫኑ። ስሞቹና ሒሳቡ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የይለፍ ቃላችሁም ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዱቤ መዝገብ አዘጋጆች