የኤሌክትሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ትልቁን ሞተር እንዴት እናስነሳው?

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጥያቄ ነበር። ጥያቄውን ያመጣችው የ3ኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቤቷ ከከተማው የውኃ ጣቢያ አጠገብ ነው። «ፓምፑ ሲነሳ የቤታችን መብራት ይደክማል፤ ሲቆም ደግሞ ቧንቧው መዶሻ እንደመታው ይጮኻል። ለምን?» አለችን። ከጣቢያው ፈቃድ አግኝተን በኅዳር ወር ሄድን።

ሞተሩ 75 ኪሎዋት ነው። ኔምፕሌቱ ላይ 400/690 ቮልት እና 135 አምፔር ይላል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ እንዲያነቡት ያደረግሁት ይህን ነው፤ ምክንያቱም በ400 ቮልት መስመር ላይ ስታር-ዴልታ፣ ማለትም ሞተሩን በስታር አገናኝቶ በዝቅተኛ ቮልቴጅ አስነስቶ ኋላ በዴልታ ወደ ሙሉ ቮልቴጅ መቀየር፣ የሚሠራው በዴልታ 400 ቮልት ለሚችል ሞተር ብቻ ነው። 230/400 የተጻፈበት ሞተር ወደ ዴልታ ከተቀየረ ይቃጠላል። የጣቢያው ሞተር በቀጥታ ቢነሳ ከሙሉ ጭነቱ ከ6 እስከ 7 እጥፍ፣ ማለትም 900 አምፔር ገደማ ይስባል። በስታር ሲነሳ ግን መስመሩ የሚሰጠው የዚያን ሲሶ፣ 300 አምፔር አካባቢ ነው። የማዞር ጉልበቱም በዚያው ልክ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ክላምፕ ሜትራችን መጀመሪያ 300 አካባቢ አሳየ። ታይመሩ 5 ሰከንድ ላይ ነበር። 5ኛው ሰከንድ ሲደርስ ከረንቱ ገና 280 ነው። ኮንታክተሩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ትልቅ ማብሪያ፣ «ጧ» ብሎ ወደ ዴልታ ሲቀይር ሜትሩ ከ800 በላይ ዘለለ። መብራቱን የሚያደክመው ይኸው ነበር። ሞተሩ ፍጥነቱን ሳይዝ ወደ ዴልታ ስለተቀየረ፣ ስታሩ ያተረፈውን ሁሉ በዚያች ቅጽበት መልሶ ከፈለው። የጣቢያው ቴክኒሻን ታይመሩን ወደ 9 ሰከንድ አሳደጉት። 8ኛው ሰከንድ ላይ ከረንቱ ሲወርድ አየን፤ የቅያሪው ዝላይም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ታይመር በግምት አይሞላም፤ በስታር ላይ ያለው ከረንት የሚወርድበትን ጊዜ ለክቶ ነው። ዝላዩ ግን ጨርሶ አይጠፋም። በቅያሪው መካከል ሞተሩ ለአፍታ ከመስመር ይለያል፤ በውስጡ የቀረው ቮልቴጅ ከመስመሩ ቮልቴጅ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ከረንቱ ይዘላል፤ መጠኑም ከመነሻ ወደ መነሻ ይለያያል።

ወደ ወርክሾፕ ተመልሰን በ4 ኪሎዋት ሞተር ላይ፣ ከአሮጌ ወፍጮ የተረፈ ከባድ የብረት ጎማ ገጠምን። ባዶ ሞተር ወዲያው ስለሚነሳ ምንም አያስተምርም። ከጎማው ጋር ግን በቀጥታ 48 አምፔር ስቦ በ3 ሰከንድ፣ በስታር 16 አምፔር ስቦ በ9 ሰከንድ ገደማ ተነሳ። ኮንታክተሮቹን የሚያዝዘው ፒኤልሲ የሚባለው በፕሮግራም የሚሠራ የቁጥጥር ኮምፒውተር ነበር።

በጥር ወር ፊውዝ ፈነዳብን። አንድ ተማሪ በፒኤልሲው የላደር ፕሮግራም ላይ «ስታር ካለ ዴልታ አይኑር» የሚለውን በትክክል ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙን ደጋግመን አየነው፤ ስህተት የለበትም። ስህተቱ የእኔም ነበር፤ ሁለቱ ኮንታክተሮች አብረው እንዳይዘጉ በሽቦ የሚከለክለውን ኢንተርሎክ «ኋላ እንጨምረዋለን» ብዬ አሳልፌው ነበር። ፒኤልሲ የስታሩን ትእዛዝ አጥፍቶ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ የዴልታውን ያበራል። ኮንታክተር ግን ብረት ነው፤ ኮይሉ ከጠፋ በኋላ እስኪከፈትና በኮንታክቶቹ መካከል ያለው ብልጭታ እስኪጠፋ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የስታር ኮንታክተር የሦስቱን ጥቅል ጫፎች አንድ ላይ ያስራል። ዴልታው በዚያው ጊዜ ሲዘጋ ሦስቱን ፌዝ ወደዚያው ቋጠሮ ያስገባል፤ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ኮንታክተሩን ፈታን፤ ከሦስቱ ኮንታክቶች አንዱ ተበይዶ ተጣብቆ ነበር።

ይህ መበየድ ነው ዋናው አደጋ። የተበየደ ኮንታክተር ትእዛዙ ቢጠፋም አይከፈትም፤ ፕሮግራሙ ግን ያጠፋሁት ጠፍቷል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ሠራን። የእያንዳንዱን ኮንታክተር ኮይል በሌላው ዝግ ረዳት ኮንታክት በኩል አሳለፍን፤ በሁለቱ መካከል ሜካኒካል መቆለፊያ ገጠምን፤ የስታሩን ሌላ ዝግ ረዳት ኮንታክት ደግሞ ወደ ፒኤልሲው ግቤት አመጣን፦

```
T_Gap(IN := Run AND T_Star.Q AND StarOpen, PT := T#60ms);
DeltaOn := T_Gap.Q AND StarOpen AND NOT StarOn;
```

`StarOpen` 1 የሚሆነው ስታሩ በእርግጥ ተከፍቶ ሲገኝ ብቻ ነው። ሽቦው ቢበጠስ 0 ይሆናል፤ ዴልታም አይገባም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ አዝራሩንም በፕሮግራም ብቻ አልተውነውም፤ የኮይሎቹን መስመር በቀጥታ ይቆርጣል።

በመጋቢት አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ያገለገለ ሶፍት ስታርተር ለሁለት ሳምንት አዋሰን። ሁላችንንም ያስገረመን እሱ ነው። ልጆቹ «ዘመናዊ ስለሆነ በትንሽ ከረንት ያስነሳል» ብለው ጠብቀው ነበር። ገደቡን እንደ ስታሩ 16 አምፔር ላይ አደረግነው። ጎማው እየተንፏቀቀ ዞረ፤ ፍጥነቱን ሳይዝ ሶፍት ስታርተሩ ራሱ ቆረጠ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሶፍት ስታርተር ቮልቴጁን በታይሪስተር ይቀንሳል። ቮልቴጅ ሲሶ ሲሆን ከረንቱ ሲሶ ይሆናል፤ ጉልበቱ ግን ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ አንድ ዘጠነኛ ነው የሚቀረው። ስታር በዚያው የመስመር ከረንት ሲሶ ጉልበት ይሰጣል። በሶፍት ስታርተር የስታሩን ያህል ጉልበት ያገኘነው ገደቡን ወደ 28 አምፔር ስናሳድግ ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ የቅያሪ ዝላይ የለውም፤ ሞተሩንም ቀስ አድርጎ ያቆማል።

ኮሌጁ ያለውን የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ በዚያው ጎማ ላይ ስንሞክር፣ ከመስመር የተሳበው ከ8 አምፔር ሳያልፍ ጎማው በ10 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነት ያዘ። ድራይቭ ቮልቴጁን ብቻ ሳይሆን ፍሪኩዌንሲውንም ከታች ስለሚጀምር ሞተሩ ጉልበቱን አያጣም። በዚህ የሚወዳደረው የለም።

ታዲያ ለጣቢያው ድራይቭ እንምከር? ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ተከራከሩ፤ እኔ ሶፍት ስታርተር ካሉት ጋር ነበርኩ። ፓምፑ ውኃ የሚገፋው ኮረብታ ላይ ወዳለ ታንከር ነው፤ በአንድ ፍጥነት ሠርቶ ታንከሩ ሲሞላ ይቆማል። ፍጥነት መቀነስ ብዙ ኃይል የሚቆጥበው የውኃው ፍላጎት ሲለዋወጥ ነው፤ እዚህ አብዛኛው ሥራ ዳገቱ ስለሆነ ቁጠባው ትንሽ ነው። ድራይቭ ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አቅሙን 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዝም። በ2,300 ሜትር ከፍታ 13 በመቶ ይጎድላል፤ ስለዚህ ለ75 ኪሎዋት ሞተር ከዚያ ከፍ ያለ መግዛት ግድ ነው። ድራይቭ በትንሽ ከረንት ስለሚያስነሳ፣ ጣቢያው በጄኔሬተር የሚሠራበት ሰዓት ቢበዛ ኖሮ ሐሳቤን እቀይር ነበር።

የቧንቧው ጩኸት ሞተሩ በድንገት ሲቆም በዳገቱ ላይ ያለው ውኃ ተመልሶ ማገጃውን ቫልቭ ሲመታው ነው፤ ሶፍት ስታርተር ፍጥነቱን በ20 ሰከንድ ቢያወርድ ያ ይቀንሳል። ለኃላፊው በጻፍነው ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ አስቀመጥን፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሶፍት ስታርተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ቧንቧው እንደ ድሮው ይመታል። ለዚያ መድኃኒቱ ቧንቧው ላይ የሚገጠም የአየር ታንክ ነው።

ኃላፊው ጽሑፋችንን ተቀብለዋል። ታይመሩ እስከ ዛሬ 9 ሰከንድ ላይ ነው። የተበየደው ኮንታክተርም ተፈቶ በወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በመስከረም የሚመጡ አዲስ አባላት ሽቦ ከመያዛቸው በፊት እሱን ያያሉ።