እሸትና ማጭድ፦ ስለ ሃይማኖታዊ ሥነ ምግባር ፈተና ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ

ክቡራን፣

ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ምግባርና የዜግነት የጋራ ኮርስ አስተምራለሁ። እናንተ ባወጣችሁት ሞጁል ስለ ሥነ ምግባር አመለካከቶች በሚያትተው ምዕራፍ ውስጥ የመለኮታዊ ትእዛዝ ንድፈ ሐሳብ አለ። ደግ የሚባለው ፈጣሪ ያዘዘው፣ ክፉ የሚባለውም የከለከለው ነው ይላል። ለሃይማኖታዊ ሥነ ምግባር የፈተና ጥያቄ የምናወጣው በአብዛኛው ከዚህች ክፍል ነው። የምጽፍላችሁም ስለምናወጣው ጥያቄ ዓይነት ነው።

ባለፈው ጊዜ በክፍላችን የጋራ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ «በመለኮታዊ ትእዛዝ ንድፈ ሐሳብ መሠረት መስረቅ ስህተት የሚሆነው ለምንድን ነው?» መልሱ «ፈጣሪ ስለከለከለ» ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል አገኘው። ጥያቄውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርሁና በማንም ላይ አላሳብብም። በኋላ ሙሉ ነጥብ ያገኘች አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ልታይ ቢሮ መጣች። እግረ መንገዴን «እሺ፣ ሊሞት የደረሰ ርሃብተኛ ቢሰርቅስ?» አልኋት። «መምህር፣ እሱ እኮ ሞጁሉ ላይ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የለም።

እዚህ ግን ከቅኔ ቤት አገር ነው ያለነው። ጎንጅና ዋሸራ ሩቅ አይደሉም። ዳዊት ሲደገም፣ ዜማ ሲጠና ቃል በቃል መያዝ ግድ ነው፤ ያለዚያ ወደፊት የለም። ቅኔ ላይ ሲደረስ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ የትናንቱን ወይም የጓደኛውን ይዞ ቢቀርብ አይቆጠርለትም። የያዘው ቃል ሁሉ ለአዲሱ ቅኔ ስንቅ ይሆነዋል እንጂ ራሱ ቅኔ አይባልም። እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንፈትነው ግን ዳዊት በሚደገምበት ሕግ ነው።

ቅሬታ ብቻ ይዤ እንዳልቀርብ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ተጨቃጭቀን ያወጣነውን አንድ ጥያቄ እዚህ ላስቀምጥ። ታሪኩ አጭር ነው። በመስከረም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በእግር የሚሄድ፣ ሁለት ቀን ምግብ ያልቀመሰ መንገደኛ ከማያውቀው ገበሬ ማሳ ሁለት የበቆሎ እሸት ቀጥፎ እዚያው ይበላል። ከኋላው የመጣ ሌላ ሰው፣ እንደ እርሱ የተራበ፣ ለመንገድ ስንቅ ብሎ አንድ ማዳበሪያ ሞልቶ ተሸክሞ ይሄዳል። አንድ ተከራካሪ «የተራበ ሰው የሌላውን እህል ቢወስድ ኃጢአት የለበትም» ይላል። ተማሪው ከዚህ በታች ከተሰጡት ጥቅሶች የትኛው ይህን አባባል እንደሚደግፍ፣ የትኛው እንደሚቃወም፣ የትኛውም ጭራሽ እንደማይመለከተው ያሳያል፤ ከዚያ የራሱን ድምዳሜ ሰጥቶ ለሚቃወመው ሰው ጠንካራ መከራከሪያ መልስ ይሰጣል።

ጥቅሶቹ በወረቀቱ ላይ ሙሉ ቃላቸው ይታተማል። ይህ ዋናው ነገር ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገውም ሆነ ቁርኣን ያልቀራው እኩል መነሻ ይኖራቸዋልና። የመጀመሪያው ዘጸአት 20፥15 ነው፤ አትስረቅ። ሁለተኛው ምሳሌ 6፥30-31፤ ርቦት ነፍሱን ሊያጠግብ የሰረቀውን ሰዎች አይንቁትም፣ ከተያዘ ግን ሰባት እጥፍ ይከፍላል። ሦስተኛው ዘዳግም 23፥25፤ ወደ ባልንጀራህ እርሻ ብትገባ እሸቱን በእጅህ ቅጠፍ፣ ማጭድ ግን አታግባ። አራተኛው ማቴዎስ 12፥1-8፤ የተራቡት ደቀ መዛሙርት በሰንበት እሸት ቀጥፈው የበሉበት ታሪክ። አምስተኛው አል-በቀራ 173፤ በክት፣ ደምና የአሳማ ሥጋ ከተከለከሉ በኋላ፣ ተገዶ የበላ፣ አመጸኛና ወሰን አላፊ እስካልሆነ ድረስ ኃጢአት የለበትም የሚለው።

ላይ ላዩን ካየነው፣ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም የተራበውን የሚደግፉ ይመስላል። ፈተናው የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። ማቴዎስን የጠቀሰ ተማሪ ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን በምን እንደከሰሷቸው ማንበብ አለበት። ሰረቃችሁ አላሏቸውም፤ ሰንበት ሻራችሁ ነው ያሏቸው። ስለዚህ ጥቅሱ ስለ ሌብነት በቀጥታ አይናገርም። እንዲያውም ክሱ ውስጥ ሌብነት አለመነሣቱ ራሱ የዘዳግም ሕግ በሥራ ላይ እንደነበር ሊጠቁም ይችላል፤ ይህን ያየ ተማሪ ሁለት ጥቅስ አያይዞ ማስረጃ ሠራ ማለት ነው። ዘዳግምም ቢሆን ርሃብ የሚል ቃል የለበትም፤ ለማንም አላፊ አግዳሚ ይፈቅዳል። በእጅ የሚቀጠፈውን ከማጭዱ የሚለይ መስመርም ያሰምራል፤ ማዳበሪያ የሞላውን ሰውዬ የሚመለከተውም ይህ መስመር ነው። የአል-በቀራው ጥቅስ ስለ ምግብ ዓይነት እንጂ ስለ ሰው ንብረት አይደለም፤ ወደ ንብረት የሚያሻግረው ሰው በንጽጽር እንደሚያሻግረው መናገርና ለምን እንደሚያስኬድ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ምሳሌ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰዎች አይንቁትም አለ እንጂ ኃጢአት የለበትም አላለም፣ ዕዳውንም አላነሣለትም።

አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ ሲያይ አራት ነገሮች ለየብቻቸው እንደሆኑ ይገባዋል፦ ኃጢአት መሆን፣ በሰው ዘንድ መነቀፍ፣ መቀጣትና የወሰዱትን መመለስ። አባባሉ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። «ፈጣሪ ስለከለከለ» የሚለው መልስ እዚህ ድረስ አያደርስም።

አራረሙን ከጥያቄው ጋር አብረን ነው የጻፍነው፤ ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ ቢሆን ኖሮ ያየነውን መልስ ለማስተናገድ እናጣምመው ነበር። ከ10 ነጥብ 2ቱ ጥቅሶቹን በትክክል ለተረዳ፣ 3ቱ ጥቅሱን ከአባባሉ ጋር በትክክል ላያያዘ፣ 3ቱ ተቃራኒውን ሐሳብ በጠንካራ መልኩ አቅርቦ ለመለሰ፣ 2ቱ ድምዳሜው ካቀረበው ማስረጃ ካላለፈ ነው። «ኃጢአት ነው» ወይም «አይደለም» ለማለቱ ዜሮ ነጥብ።

ለመሞከሪያ በፈቃደኝነት ከጻፉ ተማሪዎች ሁለቱ «ኃጢአት ነው» ብለው ደመደሙ። አንዱ አሥርቱን ትእዛዛት በቅደም ተከተል ጽፎ፣ «የእግዚአብሔር ቃል አይሻርም» ብሎ ዘጋው፤ 3 አገኘ። ሌላዋ ምሳሌን ይዛ፣ መክፈል ግዴታ ከሆነ እህሉ የባለቤቱ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ርሃብ ነቀፋውን ቢያቀል እንኳ የባለቤትነት መብትን አያጠፋም ብላ ተከራከረች፤ ቀጥላ «ነገር ግን ዘዳግም ለበላው ክፈል አይልም» ብላ የራሷን ክርክር ራሷ ተፈታተነችው። 8 አገኘች። ድምዳሜያቸው አንድ ነው፣ እምነታቸውም አንድ ነው።

የአራሚውንም ችግር ልናገር። እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የምስማማበትን ድምዳሜ ሳነብ እጄ ይቀልላል። ስለዚህ የመጨረሻውን አንቀጽ በሌላ ወረቀት ሸፍኜ የፊተኞቹን 8 ነጥቦች ካረምሁ በኋላ ነው የምከፍተው። ሁለት አራሚ ያየው ወረቀት ላይ ከ2 ነጥብ በላይ ከተለያየን ችግሩ ከተማሪው ሳይሆን ከመመዘኛችን ነው ብለን መመዘኛውን እናስተካክላለን። ጥያቄው የእውነት ክርክር መፈተኑን ማወቂያም አለ፦ ጥቅሶቹን ከወረቀቱ ላይ አስቀርተን ጥያቄውን ብቻ ብንሰጠው ተማሪው ያንኑ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ፣ የፈተንነው ትውስታውን ነው።

ብዛቱን አልረሳሁም። አንድ ወረቀት 6 ደቂቃ ቢፈጅ 100 ወረቀት 10 ሰዓት ነው፤ ይህም ለአንድ ጥያቄ ብቻ። ለትልቅ ክፍል ምርጫም ቢሆን ክርክር መፈተን ይችላል። ለምሳሌ፦ «ኸሊፋ ዑመር በረሃቡ ዓመት የሌባን ቅጣት እንዳላስፈጸሙ ይነገራል፤ ስለዚህ በርሃብ መስረቅ ኃጢአት አይደለም» የሚል ክርክር ቀርቧል እንበል። ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው? ሀ) ዑመር የኖሩት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ለ) ቅጣት መቅረቱ ብቻ ድርጊቱ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ሐ) መጽሐፍ ቅዱስም መስረቅን ይከለክላል። መ) ተናጋሪው ሙስሊም አይደለም። መልሱ ለ ነው። ሀ የመረጠ ጥንታዊነትን ከስህተት ጋር አምታትቷል፤ ሐ የመረጠ ክርክሩን ትቶ ወደ ራሱ መጽሐፍ ሸሽቷል፤ መ የመረጠ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን ይዟል። የተሳሳተውም ምርጫ ለመምህሩ አንድ ነገር ይነግረዋል።

ጥያቄዎቻችን ትምህርተ ሃይማኖትን ሲጠይቁ አንድ ሌላ ጣጣ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። «ስለ እገሌ ጉዳይ ትክክለኛው ሃይማኖታዊ አቋም የቱ ነው?» ብሎ አንዱን ፊደል ትክክል የሚል ፈተና ግን ከቤተ እምነቶች አንዱን ዳኛ አድርጎ ሾሟል። ማስረጃው ከድምዳሜው ጋር መያያዙን ብቻ የሚመዝን ፈተና ማንንም ያንተ እምነት ልክ ነው አይልም። ተማሪም የግል እምነቱን እንዲመሰክር አይገደድም።

የምጠይቃችሁም ይኸው ነው። ለጋራ ኮርሱ በምታወጡት የምዘና መመሪያ ላይ፣ ከሃይማኖታዊ ሥነ ምግባር ክፍል የሚወጣ ፈተና ቢያንስ አንድ ጥቅሱ አብሮ የታተመለት የክርክር ጥያቄ ይኑረው፣ መመዘኛውም ከፈተናው በፊት ተጽፎ በክፍሉ ይጽደቅ፣ ለድምዳሜው ነጥብ እንዳይሰጥ በግልጽ ይከልከል። የቋንቋውን ነገርም እንድታዩት እለምናለሁ። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነውና በአማርኛ ሲያወራ ማዳበሪያውንና እሸቱን ባንድ ቃል የሚለይ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «አትስረቅ» ላይ ይቀራል። ሰዋስው ነጥብ እንዳይቀንስበት መመሪያው ቢል እንኳ ብዙ ይረዳው ነበር።

ከላይ የጠቀስሁትን ጥያቄ ከመመዘኛውና ማንነታቸው ከተሰወረ ናሙና መልሶች ጋር ለማንኛውም ዩኒቨርሲቲ መምህር ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራ ኮርስ መምህር፣ ጎጃም