የጤና ክበብ፦ የላምባው ሃይላንድ

መስከረም ላይ ለክበባችን አባላት የሰጠነው የቤት ሥራ ቀላል ነበር። እቤታችሁ ገብታችሁ በርከክ በሉ፤ የሁለት ዓመት ልጅ እጁ የሚደርስበትን መርዝ ጻፉ አልናቸው። በረኪና አልጋ ሥር፣ የአይጥ መርዝ ከዱቄቱ ጎን፣ የአያት የግፊት ክኒን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ። ከሁሉ የበዛው ግን ላምባ ነው። ደሴ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሱቅ በሃይላንድ ይመጣል። ሕፃን ደግሞ ሃይላንድን የሚያውቀው ውሃ ሲጠጣበት ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው አልሠራም። ጠርሙሶቹ ላይ በቀይ ቀለም የራስ ቅል ሣልን። የአንዱ አባል ታናሽ እህት ሥዕሉን ወደደችውና ካልያዝኩ ብላ አለቀሰች! ስለዚህ ላምባ ሃይላንድ ውስጥ አይግባ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ሆኖ ሳጥን ይቆለፍበት አልን። ከፍ ያለ መደርደሪያ ብቻውን አይበቃም። ልጅ ዱካ ስቦ ይወጣል።

ጥር ላይ የአንዲት የ7ኛ ክፍል አባላችን ወንድም፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ከምድጃ ጎን የነበረውን ሃይላንድ አንስቶ ተጎነጨ። ትን አለው፤ ሳል ያዘው። አፉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ጎረቤት እትዬ ወተት ይዘው ደረሱ። "ጣትሽን ክተችና አስመልሺው!" አሉ። እሷ ግን "ኧረ እትዬ፣ አይሆንም" ብላ ልጁን አቀፈችው።

ልክ ናት። የላምባ ዋና አደጋው ሆድ ሳይሆን ሳንባ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ልጁ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል። ከሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳ ሳንባን ያቆስላል። ወተትም ላምባን አያረክስም፤ ሆድ ሞልቶ ያስመልሳል እንጂ።

ከምድጃው አራቀችው። የራሰውን ልብስ አውልቃ ገላውን በሳሙና አጠበች። ሃይላንዱን ሳይቀር ይዛ ከእናቷ ጋር በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄደች። ተራ ሲጠብቁ በስልኳ ሰዓት ይዛ ደረቱን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። 52። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። ይህን ስትናገር ነርሷ ተራውን አስቀደመችላቸው። ከጎድኑ ሥር ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሮ ስለነበር ወደ ሆስፒታል ተላከ። ኦክስጅን ተሰጥቶት ሁለት ሌሊት አድሮ ወጣ። ሳል ባይኖረው እንኳ ቢያንስ 6 ሰዓት ክትትል ያስፈልገው ነበር፤ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

በረኪና የዋጠንም ልጅ አናስመልስም፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል። አፉን አጥቦ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ክኒን ከሆነም ማሸጊያውን መያዝ ነው። አንዳንዱ የግፊት ክኒን አንድ ሁለት ፍሬው ለሕፃን ይበዛል፤ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም።

እትዬ አሁን ላምባቸውን ይቆልፋሉ። በወተቱ ነገር ግን እስካሁን ይከራከሩናል።