«ውጤቱ ቃር ከሆነ ኢንሹራንስ አይከፍልም» ያላችሁት ስህተት ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሆስፒታል ቢል ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ አበሻ ሁሉ ሲቀባበለው ስለሰነበተ ይዘቱን አልደግመውም። የምከራከረው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ ውጤቱ እንደ ቃር ያለ ቀላል ሕመም ከሆነ ኢንሹራንሱ ስለማይከፍል፣ ያላችሁ አማራጭ ሆስፒታሉ ጋ ደውሎ ቅናሽ መለመን ነው» ብላችኋል። ይህን አንብቦ የመከልከያ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ የወረወረ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ሲያድር ግን የይግባኝ ቀኑ እየተቆጠረ ነው።

በአሠሪ በኩል የሚገኝም ሆነ ሰው በግሉ ከገበያ የሚገዛው መደበኛ የጤና ኢንሹራንስ፣ «አስቸኳይ ሕመም» የሚለውን ቃል እንዳሻው አይተረጉመውም። ትርጉሙ በፌደራል ሕግ ላይ ተጽፏል፤ በእያንዳንዱ የፕላን ሰነድ ላይም በተመሳሳይ አነጋገር ይገኛል። ሲፍታታ እንዲህ ነው፦ ስለ ጤና አማካይ እውቀት ያለው አስተዋይ ሰው፣ የተሰማውን ምልክት (ከባድ ሕመምን ጨምሮ) አይቶ «አሁኑኑ ካልታከምኩ ጤናዬ ከባድ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ወይም አንድ የሰውነቴ ክፍል ክፉኛ ይጎዳል» ብሎ ቢገምት ግምቱ ምክንያታዊ የሚሆንበት ሕመም ነው። ዳኛው ሐኪም ሳይሆን ተራ ሰው ነው። ሚዛኑ ላይ የሚወጣውም ሰውየው በሩን ሲገባ የተሰማው ሕመም እንጂ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የበሽታ ስም አይደለም። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ይህንኑ አጥብቆ፣ በምርመራ ኮድ ላይ ብቻ ተመሥርቶ «አስቸኳይ አልነበረም» ማለትን ከልክሏል። ጉዳዩ አዲስም አይደለም፤ በጁን 2021 ዩናይትድ ሄልዝኬር የድንገተኛ ክፍል ክፍያዎችን ካለፈ በኋላ መርምሮ አስቸኳይ ያልነበሩትን እንደሚከለክል ባስታወቀ ጊዜ የሐኪሞችና የሆስፒታሎች ማኅበራት ተነሥተውበት በቀናት ውስጥ ማዘግየቱን አስታውቋል። ጋዜጣችሁ ይህን ሁሉ ዘሎ «ለምኑ» ማለቱ ያበሳጫል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ዕድሜው 46 የሆነ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ይወርዳል፣ ያልበዋል። ድንገተኛ ክፍል ገብቶ የልብ ምት ንድፍ ይነሣል፣ የልብ ጡንቻ ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራ በሰዓታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሠራለታል፤ ሁለቱም ደህና ይሆናሉ። ጠዋት «የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ከሳምንታት በኋላ ኢንሹራንሱ «በምርመራው ውጤት መሠረት አገልግሎቱ አስቸኳይ አልነበረም» ብሎ ክፍያውን ይከለክላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ወረቀት አለ። ሆስፒታሎች ለኢንሹራንስ የሚልኩት የክፍያ ቅጽ UB-04 ይባላል። በቅጹ ላይ 67 ቁጥር ሳጥን ውስጥ ዋናው የመጨረሻ ምርመራ ይገባል፤ በምሳሌያችን K21.9 ነው፣ የአሲድ መመለስ ማለት ነው። 70 ቁጥር ሳጥን ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ታካሚው ምን ብሎ መጣ? እዚያ የሚጻፈው R07.9 ይሆናል፣ የደረት ሕመም ማለት ነው። ሁለቱ ሳጥኖች ያሉት አንድ ገጽ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ የመጣበትን ምክንያት በእጁ ይዞ 67ን ብቻ አንብቦ ከከለከለ፣ ደንቡ የከለከለውን አድርጓል ማለት ነው፤ ማስረጃውም ራሱ የተቀበለው ቅጽ ነው። ከሆስፒታሉ የሚመጣው ቢል ይህን አያሳይም፤ ከሂሳብ ክፍሉ የ UB-04 ኮፒ ብሎ በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ሰነድ ነርሷ በሩ ላይ የጻፈችው የትሪያጅ ማስታወሻ ነው። የገባበት ሰዓት፣ የደም ግፊቱ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ በራሱ አንደበት የተናገረው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። መዝገብ ክፍሉን በጽሑፍ ሲጠይቁ ሙሉ መዝገቡን ማለት ይሻላል፤ «የመውጫ ወረቀት» ካሉ የሚሰጣቸው ያንኑ ቃር የሚለውን ነው። ሆስፒታሉ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት።

ሦስተኛው የፕላኑ ሙሉ ሰነድ ነው። አሠሪ በምዝገባ ወቅት የሚያድለው የጥቂት ገጽ ማጠቃለያ ውል አይደለምና እሱን መጥቀስ አይጠቅምም። ሙሉውን ሰነድ፣ ያውም የታከሙበትን ዓመት፣ ከአሠሪው ሠራተኛ አስተዳደር ወይም ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ ይጠየቃል። በዚያው ደብዳቤ ክልከላው የተመሠረተበትን ፋይልና የውስጥ መመሪያ በነጻ ላኩልኝ ማለት መብት ነው። ፋይሉ ሲመጣ ማን እንደወሰነ፣ የትሪያጅ ማስታወሻውን አይቶ እንደሆነ ይታያል። ብዙ ጊዜ ያላየው ሆኖ ይገኛል።

ይግባኙ ራሱ ከአንድ ገጽ ተኩል መብለጥ የለበትም። እንግሊዝኛው በዚህ መንፈስ ይጻፍ፦

«በ(ቀን) የጻፋችሁትን ክልከላ እቃወማለሁ። ምክንያታችሁ የመጨረሻው ምርመራ K21.9 መሆኑ ብቻ ነው። የፕላኑ ሰነድ ገጽ (ቁጥር) ላይ "አስቸኳይ ሕመም" የተተረጎመው በምልክቱ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ይህ ነው፦ (ይገለበጣል)። አባሪ 1፣ የትሪያጅ ማስታወሻ፣ ከሌሊቱ 8፡20 ላይ ወደ ክንድ የሚወርድ የደረት ሕመምና ላብ መመዝገቡን ያሳያል። አባሪ 2፣ UB-04፣ በ70 ቁጥር ሳጥን R07.9 ይላል። በእነዚህ ምልክቶች አስተዋይ ሰው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይጠረጥራል፤ ሐኪሙም ጠርጥሮ ሁለት የደም ምርመራ አዟል (አባሪ 3)። ክልከላው ተሽሮ አገልግሎቱ በድንገተኛ ሕክምና ድርሻ እንዲከፈል እጠይቃለሁ።»

ስለ ድህነት፣ ስለ ልጆች ብዛት፣ ስለ ኢንሹራንሱ ጭካኔ እዚህ ውስጥ አይገባም። ይግባኙን የሚያነበው በመጀመሪያው ውሳኔ ያልነበረ ሌላ ሰው መሆን አለበት። ያ ሰው የሚፈልገው የውሉን ቃልና ቃሉን የሚሞላውን ወረቀት ጎን ለጎን ማየት ነው። የሐኪም ደብዳቤ ሲጨመርም «በሽተኛው ደህና ነው» የሚል ሳይሆን «ያን ሌሊት በነበሩት ምልክቶች የልብ ችግርን ሳያጣሩ መልቀቅ አይቻልም ነበር» የሚል ይሁን።

አሁን ዘገባችሁ ጭራሽ ስላልነካው ስለ እኛ። የትሪያጅ ማስታወሻው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አባት «ልቤን አቃጠለኝ፣ ደረቴን ወጥሮ ያዘኝ» ይላል፤ የ13 ዓመት ልጁ «ልቤን አቃጠለኝ» የሚለውን ቃል በቃል ስታስተረጉም ነርሷ የምትሰማው በእንግሊዝኛ ቃር ማለት ነው፤ መወጠሩም ሳይጻፍ ይቀራል። ከወራት በኋላ ኢንሹራንሱ ራሷን ትሪያጇን ጠቅሶ ይከለክላል። ስለዚህ መዝገቡ እንደደረሰ አማርኛም እንግሊዝኛም የሚችል ሰው ያንብበው። ስህተት ካለ ሆስፒታሉ እንዲያርም በጽሑፍ ይጠየቃል፤ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታው ነው፤ እምቢ ካለም የታካሚው የተቃውሞ ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ማስደረግ ይቻላል። አብሮት የነበረው ሰው ምን እንደተባለ የሚገልጽ የፊርማ ቃል ለይግባኙ ይጨመር። የተማረ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የሆስፒታሉ ግዴታ ሆኖ ሳለ በልጅ ማስተርጎሙ ራሱ ይጠቀስ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ የኢንሹራንስ ደብዳቤዎች በመጨረሻው ገጽ ላይ በአማርኛ የቋንቋ እርዳታ በነጻ እንዳለ የሚገልጽ መስመር አላቸው። ያ መስመር ያለው ለእኛው ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ የሚጽፍ ጋዜጣ ሊጠቁመው ይገባ ነበር።

የጊዜው ነገር እንዲህ ነው። በአሠሪም በግልም የሚገኝ ፕላን ለይግባኝ 180 ቀን ይሰጣል፤ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰ ጀምሮ ነው። ማርች 3 የደረሰው ሰው እስከ ኦገስት 30 አለው፤ ፖስታውን ከነማኅተሙ ያስቀምጥ። በስልክ መጨቃጨቅ ይግባኝ አይደለም፣ ቀኑንም አያስቆምም። ሆስፒታሉ «እኛ ይግባኝ ብለናል» ቢልም የእሱ ይግባኝ የታካሚው ላይሆን ስለሚችል ያንን ተማምኖ መቀመጥ አይገባም። ልጅ ወይም ወዳጅ በታካሚው ስም የሚልክ ከሆነ የውክልና ቅጹ መፈረም አለበት፤ አለዚያ ኢንሹራንሱ ሳያየው ይመልሰዋል። የሚላከው በክፍያ አድራሻ ሳይሆን በክልከላው ደብዳቤ ላይ «ይግባኝ» ተብሎ በተጻፈው አድራሻ፣ የመቀበያ ፊርማ ባለው ፖስታ ነው፤ ኦሪጅናል ሰነድ አይላክም። በዚያው ቀን የሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል ይግባኝ መኖሩ ይነገረውና ቢሉን ለዕዳ ሰብሳቢ እንዳያስተላልፍ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ሕክምናው ካለፈ በኋላ ለሚቀርብ ይግባኝ ኢንሹራንሱ በ60 ቀን ውስጥ ይወስናል። እንደገና ከከለከለ፣ ያ የመጨረሻ ደብዳቤ ከደረሰ በአራት ወር ውስጥ ጉዳዩ ከኢንሹራንሱ ውጭ ላለ ገለልተኛ መርማሪ ይቀርባል፤ የእሱን ውሳኔ ኢንሹራንሱ መቀበል ግዴታው ነው። የዚህ ደረጃ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ መጻፍ አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ለእያንዳንዱ ካርድ አይሠራም። የሜዲኬይድ ፕላኖች የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ እዚያ የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነውና 180ን ተማምኖ የሚቀመጥ ይቃጠላል። የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስና «የወጪ መጋራት» እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ ከላይ ባልኩት ደንብ አይገዛም። ካርዱ የየትኛው እንደሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ይጣራ።

ደግሞ፣ ይግባኙ ቢሳካም ቢሉ ዜሮ ላይሆን ይችላል። ታካሚው ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራሱ ኪስ የሚከፍለውን የዓመቱን መነሻ ክፍያ ካልጨረሰ እሱና የድንገተኛ ክፍል ድርሻው ይቀራሉ። «አትከፍሉም» የሚል ተስፋ መስጠትም የእናንተኑ ያህል ስህተት ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር በመጣችበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል ትታረም። «የመጨረሻው ምርመራ ብቻውን ለክልከላ በቂ አይደለም፤ ደብዳቤው ከደረሰ ጀምሮ ለይግባኝ ምን ያህል ቀን እንዳላችሁ ደብዳቤው ላይ አንብቡ» ብላችሁ ጻፉ። ዘገባችሁ ከወጣ ሰባት ቀን አልፏል፤ እሱን አምነው የተቀመጡ ሰዎች ሰባቱን ቀን ከስረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕክምና ክፍያና ይግባኝ ሥራ ላይ ያለሁ አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ