በመክፈቻው ቀን ሦስተኛ የነበረው ለምን አሸነፈ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ እዚህ ጅማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስላወጣው የ300 ኮምባይንድ ዴስክ ጨረታ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ዘጋቢያችሁ በመክፈቻው ዕለት የተነበቡትን አራት ዋጋዎች ደርድሮ፣ አሸናፊው ከታች ሦስተኛ መሆኑን አይቶ፣ «የሕዝብ 255,000 ብር የት ገባ?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ የተጠየቀበት ቦታ ግን ስቷል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ዓመት በግዥ ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ጨረታ ላይ ደግሞ ከተሸናፊዎቹ አንዱ ሂርማታ ውስጥ ጎረቤቴ ስለሆነ፣ ሰነዱንም ውጤቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የተነበቡትን ዋጋዎች ላስታውስ፤ ሁሉም ከቫት በፊት ናቸው። ተጫራቾቹን በፊደል ልጥራቸው። «ሐ» 1,740,000 ብር፣ «ሀ» 1,920,000፣ «ለ» 1,995,000፣ «መ» ደግሞ 2,130,000 ብር አቀረቡ። ያሸነፈው «ለ» ነው። ጎረቤቴ «ሀ» ነው።

የመክፈቻ ዕለት የሚነበበው ዋጋ ተጫራቹ ቅጹ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው እንጂ ውጤት አይደለም። በአደባባይ፣ ተጫራቾች ባሉበት የሚነበበው፣ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ማንም ገብቶ ቁጥሩን እንዳይነካካው ነው። ኮሚቴው በየገጹ የሚፈርመውም ለዚሁ ነው። ግምገማው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ሲሆን በየደረጃው የወደቀ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

የመጀመሪያው ደረጃ የሰነድ ማጣራት ነው፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የታክስ ክሊራንስ፣ የተፈረመ የዋጋ ማቅረቢያ፣ የጨረታ ማስከበሪያ። «መ» የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሰነዱ ሲፒኦ ወይም ቅድመ ሁኔታ የሌለው የባንክ ዋስትና ሲጠይቅ እሱ ያመጣው ቅድመ ሁኔታ ያለበት የኢንሹራንስ ቦንድ ነበር። ዘጋቢያችሁ ይሄን «ጥቃቅን ወረቀት» ብሎታል። ጥቃቅን አይደለም። ሌሎቹ ገንዘባቸውን ባንክ ውስጥ አስረው ሲመጡ፣ የ«መ» ቦንድ ግን ሰውዬው ከጨረታው ቢያፈገፍግ መሥሪያ ቤቱ ተከራክሮ ካልሆነ የማይከፈል ወረቀት ነው። ሦስቱ ያሰሩትን ገንዘብ አራተኛው ሳያስር ከተወዳደረ ውድድሩ እኩል አይደለም።

ግን «ወረቀት ጎደለ» የሚባለው ሁሉ እንዲህ ከባድ አይደለም፤ በዚህ ላይ የራሴ ጥፋትም አለ። ወጣት ገምጋሚ ሳለሁ አንድ ሰው ሁሉንም ገጽ ፈርሞ፣ ዋጋ ማቅረቢያውንም ማህተም አድርጎ፣ ከካታሎጉ አንዷን ገጽ ማህተም ረሳ። «ያላሟላ» ብዬ ጣልኩት። ከእሱ በላይ ያቀረበው ሰው አሸነፈ። ያቺ ማህተም ዋጋውንም፣ የዕቃውን ዓይነትም፣ የማስረከቢያ ቀኑንም አትለውጥም ነበር። መለያው ይሄ ነው፦ ጉድለቱ ዋጋን፣ ጥራትን ወይም የተጫራቹን ግዴታ ይነካል? ወይስ ቢስተካከል ሌላውን ተጫራች የማይጎዳ ነው? የመጀመሪያው ይጥላል፣ ሁለተኛው አይጥልም። አለቃዬ ያኔ ሳይቆጣ «ያሸነፈው ሰው ካታሎግስ በሙሉ ማህተም አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሄጄ አየሁት። አልነበረውም።

ሁለተኛው ደረጃ ቴክኒካል ነው። «ሐ» እዚህ ቀረ። ስፔሲፊኬሽኑ የእግሩ ቱቦላሬ 30 በ30 ሆኖ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር እንዲሆን ያዛል። «ሐ» በራሱ እጅ ቅጹ ላይ 1.2 ብሎ ጻፈ። ብረት የገዛ ሰው ባለ 1.2 እና ባለ 1.5 ቱቦላሬ ዋጋቸው እንደማይገናኝ ያውቃል፤ ርካሽነቱም በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ሦስት ልጅ ተደርድሮ የሚቀመጥበትና በየወቅቱ ከክፍል ክፍል የሚጎተት ዴስክ በስስ ብረት ሲሠራ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። «ሐ» ሐቀኛ ሰው ነው፣ ያለውን ጻፈ። ግን ሌሎቹ ባለ 1.5 አስልተው ሲመጡ እሱን በ1.2 ማሳለፍ ማለት ሰነዱን ከጨረታው በኋላ መቀየር ነው። ስለዚህ የእሱ 1,740,000 ብር ከማንም ጋር አልተመዘነም። የ255,000 ብሩም ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ዋጋ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ማታ ደብዳቤውን ጨብጦ ገባ። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ በ75 ሺህ ብር ረክሼ እንዴት ነው የምሸነፈው? በጠራራ ፀሐይ ዘረፉኝ እኮ!» አለኝ። የዋጋ ማቅረቢያውን ኮፒ አምጣ አልኩት። እጁ ላይ የሰጋቱራ ብናኝ ነበረ፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት ተወ። ነጠላ ዋጋ የሚለው ላይ 6,900 ብር፣ ብዛት 300፣ ጠቅላላ ዋጋ የሚለው ላይ 1,920,000 ይላል። ስልኬን አውጥቼ አባዛሁት። 2,070,000 መጣ። ደግሞ አባዛው አለኝ። አባዛሁት። ተቀመጠ።

የሆነው ይሄ ነው። መጀመሪያ 6,400 ብሎ ሠራው፤ በ300 ሲባዛ 1,920,000 ይመጣል። ሰነዱን ሊያስገባ በዋዜማው የብረት ዋጋ መጨመሩን ሰማ፤ ነጠላ ዋጋውን 6,900 አደረገው፣ ጠቅላላውን ግን ረሳው። በሥራ ዘመኔ ይሄን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥር የለውም።

በዚህ ጊዜ ኮሚቴው የሚሄድበት ሕግ ሰነዱ ውስጥ ቀድሞ ተጽፏል፦ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ካልተገናኙ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው፣ ጠቅላላው ይታረማል። በፊደልና በአሃዝ የተጻፈው ከተለያየ ደግሞ የፊደሉ ይጸናል። ልዩነቱ የነጥብ ቦታ መሳሳት መሆኑ ግልጽ ሲሆን ብቻ ጠቅላላው ይያዛል፤ ለምሳሌ 6,900 ሊል አስቦ 69.00 የጻፈ እንደሆነ። እርማቱ ለተጫራቹ ይነገረዋል። አልቀበልም ካለ ከውድድሩ ይወጣል፣ ማስከበሪያውም ሊወረስበት ይችላል። የጎረቤቴ ዋጋ እንዲህ 2,070,000 ሆነ። «ለ» ነጠላ ዋጋው 6,650 ነው፤ በ300 ሲባዛ 1,995,000፣ አንድ ብር አልጎደለም፣ አንድ ብር አልተረፈም። ሁለቱ ብቻ ናቸው ዋጋ ላይ የደረሱት፣ ዝቅተኛውም «ለ» ነው።

ጎረቤቴ ትንሽ ሲረጋጋ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እሺ፣ በ1,920,000ው እሠራላችኋለሁ ብልስ? መንግሥትም ይጠቀማል፣ እኔም ሥራ አገኛለሁ።» ለሰሚው እውነት ይመስላል፤ ዘጋቢያችሁም በሌላ አነጋገር ያለው ይሄንኑ ነው። ግን አስቡት። ይህ ከተፈቀደ ነገ ብልጥ ተጫራች ሆን ብሎ የማይገናኙ ሁለት ቁጥሮች ጽፎ ይመጣል። የሌሎቹ ዋጋ ሲነበብ ይሰማል፤ ርቆ ከቀደመ «የኔ ትልቁ ነው» ይላል፣ ተቀራራቢ ከሆነ «ትንሹ ነው» ይላል። ሁለት ዋጋ ይዞ የሚገባ ሰው ባለበት ፖስታ ማሸጉ ምን ይጠቅማል? ለዚህ ነው እርማቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሄድ ተጫራቹ የማይመርጠው። ብስጭቱ ገብቶኛል፣ ስህተቱ ግን ዘረፋ አልነበረም።

እስካሁን የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ መስዬ ይሆናል። አይደለሁም። እነሱም የሚጠየቁበት አለ፣ የጋዜጣችሁ ብዕርም እዚያ ላይ ቢያርፍ እወድ ነበር። በመክፈቻው ዕለት ያነበቡት ጠቅላላ ዋጋውን ብቻ ነው። ነጠላ ዋጋውንም ቢያነቡ ኖሮ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ያባዛው ነበር፤ ኋላ ላይ «ቁጥሩን ቀየሩት» የሚል ወሬ አይወጣም። ለ«ሐ» የጻፉት ደብዳቤ ደግሞ «ቴክኒካል መስፈርት ስላላሟሉ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። 1.2 እና 1.5 የሚለውን አንድ መስመር መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? የተሸነፈ ሰው የትኛውን ነጥብ እንዳላሟላ ካልተነገረው ቅሬታ የሚያቀርበው በጨለማ ነው። የቅሬታ ጊዜውም አጭር ነው፤ ለረጅም ጊዜ በሠራንበት በአዋጅ ቁጥር 649/2001 አምስት የሥራ ቀን ነበር። ጊዜው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሊለያይ ስለሚችል ተጫራቾች ውጤት በሰሙ ዕለት የጨረታ ሰነዳቸውን ገልጠው ይዩት።

ዘጋቢያችሁ ወደፊት እንዲህ ያለ ጨረታ ሲገጥመው፣ ከመክፈቻ ቃለ ጉባኤው ይልቅ የግምገማ ሠንጠረዡን ይጠይቅ። መፈለግ ያለበት ማን ረከሰ የሚለውን አይደለም። አንዱን የጣለው ጉድለት አሸናፊው ላይም አለ ወይ? ሰነዱ ላይ ያልተጻፈ መስፈርት ሠንጠረዡ ላይ ብቅ ብሏል ወይ? ስፔሲፊኬሽኑ የአንድ ፋብሪካ ስም ጠርቶ «ወይም ተመሳሳይ» ሳይል ቀርቷል ወይ? በዚህ ጨረታ ሦስቱንም ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

አንድ የቀረ ነገር ግን አለ። «ለ» ያሸነፈው በባለ 1.5 ነው፤ «ሐ» የወደቀው በባለ 1.2 ነው። ዴስኮቹ ሲመጡ ርክክቡ ላይ ቆጥሮ «300 ሙሉ ነው» ብሎ መፈረም ብቻ ከሆነ፣ «ሐ» በከንቱ ወደቀ ማለት ነው። ርክክቡ በሚቀጥለው ወር ነው ተብሏል። ዘጋቢያችሁ ቢመጣ፣ ከአሥር አሥራ አምስት ዴስክ እግር ሥር የፕላስቲክ ክዳኗን ነቅሎ የብረቱን ጠርዝ ይለካ። ካሊፐር ከጎረቤቴ ወርክሾፕ ይዋሳል፤ ጠይቄዋለሁ፣ በደስታ ነው ያለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የግዥ ባለሙያ፣ ሂርማታ፣ ጅማ