የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አየር የሚያስገባ፣ ድምፅ የማያስገባ ሳጥን

በአምናው መጽሔት «የራሳችን የቀረጻ ክፍል አገኘን» ብለን በደስታ ጽፈን ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን የድሮዋን የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። መስኮቷን በብሎኬት ደፈንን፣ በሯን ድርብ አደረግን፣ ግድግዳዋን በወፍራም ጨርቅ አለበስን። አዳማ ላይ መስኮት በሌለው ክፍል አምስት ሰው በር ዘግቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ግን አላሰብንበትም።

ያሳሰቡን የአንድ ተማሪያችን አያት ናቸው። ኅዳር ላይ ተረት ሊነግሩን መጡ። አየር በቱቦ የሚያስገባልንን ቬንትሌተር አጥፍተን መቅዳት ጀመርን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና «ልጆቼ፣ ታፈንኩ» አሉ። ቬንትሌተሩን አበራንላቸው፤ ተረታቸውንም ጨረሱ። ማታ ቅጂውን ስንሰማው የእማማ ድምፅ ከጉምጉምታና ከፉጨት ሥር ተቀብሯል። ዝግ ብለው የተናገሯቸው ቦታዎች፣ የተረቱ ጣዕም ያለባቸው ቦታዎች ማለት ነው፣ ጨርሰው አይሰሙም። የዘንድሮ ሥራችን ከዚያች ምሽት ተነሣ።

የተለመደውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በየሳምንቱ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤው በፋይል አለ፤ የሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ዜናችንም አልተቋረጠም። ማይክሮፎን ሲገዛልን «ለምን?» ያለ ሰው አልነበረም። ቱቦና ሱፍ ስንጠይቅ ግን «ይህ ከሚዲያ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ተባልን። መልሱ ከዚህ በታች ያለው ነው፤ በትዕግሥት እንዲነበብልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ፉጨቱን ያዝነው። ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ብንል፣ ለአምስት ሰው 50 ሊትር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አየር የምናስገባው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቱቦ ነበር። ተማሪዎቹ ሲያሰሉት አየሩ በሴኮንድ ከ6 ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት አየሩ ራሱ ቱቦው አፍ ላይ ይጮኻል፤ የቬንትሌተሩ ጥፋት አይደለም። ቱቦውን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስናሰፋው ፍጥነቱ ወደ 1.6 ሜትር ወረደ። ፍጥነቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ይህ ዓይነቱ ጩኸት በ15 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሁለት ጊዜ በግማሽ መቀነሱ ፉጨቱን ድራሹን አጠፋው። ጉምጉምታው ግን የቬንትሌተሩ ነበርና ቀረ።

ጥር ላይ አዲስ አበባ ሄድን፤ አንድ የቀረጻ ስቱዲዮ በሩን ከፈተልን። ተማሪዎቹ እንደገቡ ዓይናቸው በማይክሮፎኖቹና በማደባለቂያው ላይ ቀረ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ግን ጥግ ላይ ካለው የአየር መግቢያ ሥር ቆመች። እጇን ዘረጋች። ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዘዘችና ወደ ወንፊቱ አስጠጋችው፤ ክሩ ጎንበስ አለ። ጆሮዋን አስጠጋች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ወደ እኔም ዞረችና በሹክሹክታ «ቲቸር፣ ይነፍሳል እኮ! ግን አይሰማም» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችንም ዝም አልን። ያን ክር እስከ ዛሬ ደብተሯ ውስጥ ይዛዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር የድምፅን ትምህርት እንዲህ የገባው ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ ስጽፈው አሁንም ደረቴን ይሞላዋል።

የስቱዲዮው ባለሙያ መሰላል አቁሞ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አሳያቸው፦ አልጋ የሚያህል የላሜራ ሳጥን፣ ውስጡ በሱፍ የተሞላ፣ መካከሉ ለአየር የተተወ። ተማሪዎቹ ወዲያው «የመኪና ማርሚታ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በክበባችን ስሙ ማርሚታ ሆኖ ቀረ። ባለሙያው ካታሎጉንም ገልጦ አሳያቸው። አንድ ሳይለንሰር፣ እኛ ማርሚታ ያልነው ማለት ነው፣ ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ በአንድ ቁጥር አይነገርም፤ ከ63 ኸርዝ ጀምሮ በየኦክታቩ፣ ማለትም ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ ለየብቻ ይጻፋል። ጣቱን 125 የሚለው ዓምድ ላይ አኑሮ «መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ፤ ሌላው ራሱን ይችላል» አላቸው። ይህን ምክር በጊዜው አለመስማታችን ሁለት ወር አስከፍሎናል።

አሁን የጸጥታውን መለኪያ ላስረዳ። የክፍል ጸጥታ የሚለካው ኤንሲ በሚባሉ መስመሮች ነው፤ አሜሪካዊው የአኩስቲክስ ሊቅ ሊዮ ቤራኔክ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣቸው ናቸው። ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ ስለሚታገሥ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ፣ ይወርዳል። ለምሳሌ ኤንሲ 25 በ125 ኸርዝ 44 ዴሲቤል ሲፈቅድ በ1000 ኸርዝ የሚፈቅደው 27 ብቻ ነው። በየኦክታቩ የተለካው ሁሉ መስመሩ ላይ ይቀመጣል፤ በአንዱ ቦታ እንኳ መስመሩን ካለፈ ክፍሉ ወድቋል። ለዋና ስቱዲዮ ከኤንሲ 15 እስከ 20 ይፈለጋል። የእኛ ክፍል ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢው ባዶ ሆኖ፣ ቬንትሌተሩም ጠፍቶ 20 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከዚያ በታች መመኘት ዋጋ የለውም ብለን ኤንሲ 25ን ግባችን አደረግን።

ከዩኒቨርሲቲ በውሰት ያገኘነውን የድምፅ መለኪያ ማይክሮፎኑ በሚቆምበት ቦታ አቁመን፣ ቬንትሌተሩን አብርተን ለካን። በ125 ኸርዝ 54፣ በ500 ደግሞ 45 ወጣ፤ ክፍሉ ኤንሲ 40 ነው። ከመስመሩ ያለፈው በ125 ላይ 10፣ በ500 ላይ 14 ዴሲቤል ሆነ። ልኬታችንም ሥራችንም ስለሚሳሳት በየቦታው 5 ጨመርንበት። ስለዚህ የምንፈልገው ማርሚታ በ125 ኸርዝ 15፣ በ500 ኸርዝ 19 የሚበላ ነው። ሳይለንሰር መምረጥ ማለት ይኸው ነው፦ ካለው ላይ የሚፈቀደውን መቀነስ፣ መጠባበቂያ መጨመር፣ ያንን በየኦክታቩ የሚሞላ መፈለግ። የተሠራውን ለመግዛት ዋጋ ጠየቅን፤ የክበቡ የዓመት በጀት ሊደርስበት አልቻለም። እኛው ልንሠራው ተነሣን።

የመጀመሪያው በየካቲት ተሠራ፤ አንድ ሜትር የችፑድ ሳጥን፣ ውስጡ 2.5 ሴንቲ ሜትር የፍራሽ ስፖንጅ። በ500 ኸርዝ 45 የነበረው ወደ 30 ወረደ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። መለኪያው እንደ ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ አቅልሎ በአጠቃላይ የሚያነበው ቁጥርም ከ47 ወደ 39 ወርዶ ነበር። እማማን ጠርተን ልንቀዳ ስንል ግን ጉምጉምታው እዚያው አለ። የ125ን ዓምድ ስናይ 54 የነበረው 51 ብቻ ሆኗል፤ ክፍሉም ገና ኤንሲ 34 አካባቢ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የ125 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 2.7 ሜትር ነው፤ የእኛ ስፖንጅ ደግሞ የዚያን አንድ መቶኛ ያህል። ሞገዱ ስፖንጁ መኖሩን እንኳ አላወቀም። የፍራሽ ስፖንጅ በእሳት በቀላሉ ስለሚያያዝ ለአየር ቱቦ እንደማይሆንም ዘግይተን ነው የተረዳነው። ይህ የእኔ ስሕተት ነው፤ ሳጥኑን አፈረስነው።

ሁለተኛው በሚያዝያ አለቀ፤ ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ። ሱፉ እንዳይበን በስስ ጨርቅ ሸፍነን በተበሳሳ ላሜራ ያዝነው። የአየሩ መተላለፊያ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሁለት ልጆች «መተላለፊያው በጠበበ መጠን ሱፉ ለድምፁ ይቀርባል፤ 10 በ10 እናድርገው» ብለው ተከራክረው ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነውና ሞከርነው፤ ፉጨቱ ተመልሶ መጣ፣ የክሩም ዘንበል ማለት ቀነሰ። አየሩ እንደገና በሴኮንድ 5 ሜትር መሮጥ ነበረበት፣ ትንሿ ቬንትሌተራችንም ግፊቱን አልቻለችም። በካታሎጉ ላይ ከድምፅ ቅነሳው አጠገብ የግፊት ኪሳራና ሳይለንሰሩ ራሱ የሚፈጥረው ጩኸት ለምን እንደሚጻፍ ያን ቀን ገባቸው።

አንድ እንቅፋት ቀረ። ሳጥኑን ኮሪደሩ ላይ ከቬንትሌተሩ አጠገብ ሰቅለን ከዚያ እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር ባዶ ቱቦ ትተን ነበር። ቅጂው ላይ የዕረፍት ደወሉ ከልጆቹ ጫጫታ ጋር ጥርት ብሎ ተሰማ። ማርሚታው የቬንትሌተሩን ድምፅ ይበላል፤ ከእሱ በኋላ በስስ ላሜራ በኩል የሚገባውን ግን አያገኘውም። ሳጥኑን አምጥተን ከክፍሉ ግድግዳ ጋር አጣበቅነው፣ ቬንትሌተሯንም በጎማ ላይ አንጠለጠልናት።

በግንቦት የመጨረሻው ልኬት በ125 ኸርዝ 41 አሳየ፤ የተቀነሰው 13 ነው፣ ካሰብነው 2 ቢጎድልም ከመስመሩ 3 በታች ነን። በ63 ኸርዝ ግን 53 ላይ ቆመ፤ መስመሩ 54 ስለሆነ ከመስመሩ በታች የሆንነው በአንድ ዴሲቤል ብቻ ነው፣ መለኪያው ራሱም ያን ያህል ሊሳሳት ይችላል። እማማ በዚያው ሳምንት ተመልሰው መጡ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ነጠላቸውን ሳያወርዱ አወሩ፤ በሹክሹክታ ያሉት ሁሉ ይሰማል። ልጅቷ ከወንፊቱ ሥር ክር አስራ ነበር፤ ሲወጡ አዩትና «ይህ ምንድን ነው?» አሏት። «አየር እንዳለ ማያ ነው፣ እማማ» አለቻቸው።

የገባ አየር መውጣት አለበት፤ የመውጫው ቱቦ ግን ማርሚታ የለውም። ስለዚህ የምንቀዳው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ በትምህርት ቀን የሜዳው ጫጫታ በመውጫው ይገባል። ችፑዱ አለን፣ የሚሠሩት ልጆች አሉን፣ ልኩንም እናውቀዋለን። የጎደለን ባለ 5 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ 4.5 ካሬ ሜትር፣ ለድርብ ሽፋን፣ እንዲሁም አንድ ተኩል ሜትር ካሬ የተበሳሳ ላሜራ ነው። ወላጆችም የቀድሞ ተማሪዎችም በክፍሏ ቁልፍ ያዥ በኩል ልታደርሱልን ትችላላችሁ፤ ከመስከረም በፊት ከደረሰን ክረምቱን እንሠራዋለን።